የብድር አከፋፈልን በአንድ ገጽ፦ ለተበዳሪው የሚገባ ኢንፎግራፊክ አሠራር

ጅማ ውስጥ ከማይክሮፋይናንስ ብድር የወሰደ ሰው ከቢሮ ሲወጣ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። አሥራ ሁለት መስመር፣ አምስት ስድስት ዓምድ፣ ከላይ እስከ ታች ቁጥር። ብዙው ሰው ከዚያ ሁሉ የሚያነበው አንዱን ብቻ ነው፤ በወር ስንት እንደሚከፍል። ወረቀቱ ታጥፎ ከመታወቂያው ጋር ይቀመጣል። ከስድስት ወር በኋላ ሰውዬው «ግማሹን ጨርሻለሁ» ብሎ ይመጣል። ቀሪው ዕዳ ግን ከግማሽ በላይ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ኦፊሰሩ ያጭበረበረው ይመስለዋል።

ይህ መመሪያ ያንን ሰንጠረዥ ወደ አንድ ገጽ ኢንፎግራፊክ ስለመቀየር ነው። ማስረዳት ያለብን ዋናው ነገር አንድ ነው። በየወሩ የሚከፈለው ብር እኩል ቢሆንም ውስጡ ግን በየወሩ ይለያያል። መጀመሪያ ላይ ወለዱ ብዙ ነው፣ ወደ መጨረሻው እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ለምን በስድስተኛው ወር ከግማሽ በላይ እንደቀረበት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ገጹ ላይ ያለው ሌላው ነገር ሁሉ ለዚህ ሐሳብ መሥራት አለበት።

ለምሳሌ የጅማን በርጩማና ወንበር የሚሠራ አናጺ እንውሰድ። እንጨት ለመግዛት 60,000 ብር ይበደራል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፣ ከፍሎ የሚጨርሰው ደግሞ በ12 ወር። ቁጥሮቹን ለማስረዳት መርጫቸዋለሁ፤ እናንተ የምትሠሩለት ተቋም የራሱ ቁጥር ይኖረዋል።

መጀመሪያ ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ጠይቁ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት የብድር ኦፊሰሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ወለዱ ፍላት ነው ወይስ ዲክላይኒንግ?» በቢሮ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚጠራው። ፍላት ማለት ወለዱ እስከ መጨረሻው ድረስ በመነሻው 60,000 ላይ ይሰላል ማለት ነው። ዲክላይኒንግ ከሆነ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ይሰላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያው 18 በመቶ በፍላት ሲሆን የዓመቱ ወለድ 10,800 ብር ነው፣ የወሩ ክፍያ 5,900 ይሆናል። በቀሪ ዕዳ ላይ ከተሰላ የወሩ ክፍያ 5,500.80 ነው፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ 6,009.59። በሁለቱ መካከል ወደ 4,790 ብር ልዩነት አለ። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም «18 በመቶ» ተብለው ይጻፋሉ።

ኦፊሰሩን ካላገኛችሁት ሰንጠረዡ ራሱ ይነግራችኋል። የወለዱን ዓምድ ከላይ ወደ ታች እዩ። የመጀመሪያው ወር ወለድና የመጨረሻው ወር ወለድ እኩል ከሆኑ ፍላት ነው። እየቀነሰ ከሄደ በቀሪ ዕዳ ላይ ነው የሚሰላው። ፍላት ከሆነ ከዚህ በታች የማሳየው ሥዕል አይሠራም፤ ወለዱ ስለማይሳሳ አሥራ ሁለቱም መስመር አንድ ዓይነት ይሆናል። የዚያን ጊዜ ሥዕሉን ትታችሁ ጠቅላላውን ክፍያ በትልቁ ማሳየት ነው የሚሻለው።

እዚያው እያላችሁ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ጠይቁ። አንደኛው፣ ብድሩ ሲለቀቅ የሚቆረጥ የአገልግሎት ክፍያ አለ ወይ? ለምሳሌ 2 በመቶ ከተቆረጠ አናጺው እጁ ላይ የሚገባው 58,800 ነው፣ ወለድ የሚቆጠርበት ግን በ60,000 ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ከወርሃዊ ክፍያው ጋር አብሮ የሚገባ የግዴታ ቁጠባ አለ ወይ? ካለ ደንበኛው በየወሩ የሚያወጣው ብር ሥዕላችሁ ላይ ካለው ይበልጣል። ይህን ሳታሳዩ ከቀራችሁ ገና በመጀመሪያው ወር «ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው» ይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አያምነውም።

ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት፣ የምታትሙት ግን የተቋሙን ነው

ራሳችሁ የምታሰሉት ለማረጋገጥ ነው። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ወርሃዊ ክፍያውን በዚህ ቀመር ታገኙታላችሁ፦

```
=PMT(0.18/12,12,-60000)
```

መልሱ 5,500.80 ነው። ከዚያ የየወሩ ስሌት በጣም ቀላል ነው። ቀሪውን ዕዳ በ0.015 አባዙት፤ የወሩ ወለድ ይሄ ነው። ከ5,500.80 ላይ ወለዱን ቀንሱ፤ የተረፈው ከዕዳው ላይ የሚወርደው ነው። አዲሱን ቀሪ ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ወር ትሄዳላችሁ። የአናጺው ሰንጠረዥ ጥቂት መስመሮች እነሆ፦

| ክፍያ | ወለድ | ከዕዳው የሚወርድ | ቀሪ ዕዳ |
|---|---|---|---|
| 1ኛ | 900.00 | 4,600.80 | 55,399.20 |
| 3ኛ | 760.94 | 4,739.86 | 45,989.53 |
| 6ኛ | 544.43 | 4,956.37 | 31,339.08 |
| 9ኛ | 318.03 | 5,182.77 | 16,019.43 |
| 12ኛ | 81.29 | 5,419.50 | 0 |

የመጨረሻው ክፍያ 5,500.79 ሆኖ በአንድ ሳንቲም ያንሳል። ስህተት አይደለም፤ በየወሩ ሳንቲሙ ሲጠጋጋ የሚመጣ ነው። የተቋሙም ሰንጠረዥ መጨረሻው ላይ እንዲህ ትንሽ ይለያል።

የእናንተ ስሌትና የተቋሙ በጥቂት ብር ከተለያዩ አትደንግጡ። አንዳንድ ተቋም ወለዱን በወር ሳይሆን በቀን ይቆጥራል። ስለዚህ 31 ቀን ያለው ወር ከ28 ቀኑ የበለጠ ወለድ ይይዛል። ልዩነቱ በመቶዎች ብር ከሆነ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ወይ ፍላት ነው፣ ወይ ውስጡ ያልተነገራችሁ ክፍያ አለ። በየትኛውም መንገድ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ውሉ ላይ የተያያዘው ቁጥር ነው።

ስለ ማጠጋጋት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ኢንፎግራፊክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሳንቲም ያስቀይማል ብሎ ዲዛይነሩ ሁሉንም ቁጥር ያጠጋጋዋል። ክፍያው 5,501 ይሆናል። አንደኛው ወር 900 ሲደመር 4,601፤ ልክ ይመጣል። ስድስተኛው ወር ግን 544 ሲደመር 4,956 ነው፣ ይህ ደግሞ 5,500 ነው። አንድ ብር ጠፋች። አሥራ አንደኛው ላይም እንዲሁ ይጎድላል። ነጋዴ የሆነ ደንበኛ ካልኩሌተሩን አውጥቶ ይህን ያገኘዋል፤ ካገኘው በኋላ የቀረውን ገጽ አያምነውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በየመስመሩ ሦስቱንም ቁጥር አትጻፉ። ወለዱን በሙሉ ብር አጠጋግታችሁ ጻፉ፣ ቀሪ ዕዳውንም እንዲሁ። ከዕዳው የሚወርደውን በሥዕሉ ርዝመት ብቻ አሳዩት። ደንበኛው ቆጥሮ የሚሰጠውን 5,500.80 ግን ሳንቲሙን ሳትነኩ ከላይ በትልቁ አስቀምጡት። ሁለቱን ክፍሎች ደምሮ ማየት ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ወር ብቻ ለይታችሁ ከነሳንቲሙ አሳዩ፦ 900 ሲደመር 4,600.80 እኩል 5,500.80።

ሥዕሉ፦ አሥራ ሁለት እኩል ባሮች

ባር ግራፍን ከትምህርት ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ ባሮቹን አግድም አስተኟቸው፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ። ርዝመታቸው እኩል ነው፣ ምክንያቱም ክፍያው እኩል ነው። እያንዳንዱ ባር በሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ከዕዳው የሚወርደው፣ በቀኝ ጫፍ ወለዱ። ከላይ ወደ ታች ሲታይ ወለዱ እንደ ደረጃ እየጠበበ ይሄዳል። ሁሉም ባር አንድ ቦታ ጀምሮ አንድ ቦታ ስለሚያልቅ ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ይይዘዋል። ክብ ሥዕል በየወሩ ብትሠሩ ግን አሥራ ሁለት ክብ ይሆናል፣ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ደግሞ ከባድ ነው።

መጠኑን በኤ4 ወረቀት እንሥራው፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ማተሚያ የሚያወጣው ይህንኑ ነውና። አንድ ሴንቲሜትር 500 ብር ይሁን። ስለዚህ 5,500.80 ብር 11 ሴንቲሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 1.8 ሴንቲሜትር፣ የስድስተኛው 1.1 ገደማ፣ የመጨረሻው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ። ወረቀቱ 21 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ግራና ቀኝ አንድ ተኩል አንድ ተኩል ብትተዉ 18 ይቀራል። ለቀኑ 3.2፣ ለባሩ 11፣ በቀኝ በኩል ለሁለቱ ቁጥሮች 3.8። ልክ ይገጥማል።

ወደ ታች ደግሞ እያንዳንዱ ባር 9 ሚሊሜትር ይወፍር፣ በመካከል 3 ሚሊሜትር ይተው። አሥራ ሁለቱ 14.1 ሴንቲሜትር ይወስዳሉ። ከ29.7 ላይ ይህንና የላይና የታች ጠርዝን ብትቀንሱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ይተርፋችኋል። 4 ለርዕሱ፣ 4.5 ጎልቶ ለሚታየው የመጀመሪያ ክፍያ፣ የቀረው ለግርጌው።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። የመጨረሻው ወር ወለድ 1.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ክር ያህል ነው፣ ውስጡ ቁጥር አይገባም። «ትንሽ ላስፋው» ማለት ያምራል። አታስፉት። ያች ክር ናት ነገሩን የምትናገረው። ቁጥሩን ከባሩ ውጭ በቀኝ ጻፉት። ለሁሉም መስመር ውጭ ጻፉት እንጂ ላይኞቹን ውስጥ፣ ታችኞቹን ውጭ እያደረጋችሁ አታቀያይሩ።

ባሩ ከዜሮ መጀመር አለበት። አንዳንዶች ወለዱ ጎልቶ እንዲታይ ብለው ከ4,000 ያስጀምሩታል። የዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ወር ወለድ ከክፍያው ከግማሽ በላይ ሆኖ ይታያል። እውነቱ ግን ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው።

መጀመሪያ ይህን ሁሉ በእርሳስና በማስመሪያ ወረቀት ላይ አድርጉት። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ ፈጣን ነው። ካንቫም ሆነ ፓወርፖይንት ይበቃል። ግን የባሮቹን ርዝመት በዓይን አትገምቱ። ባሩን ስትመርጡ የስፋት ሣጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ጻፉ። ወይም ግራፉን ኤክሴል ላይ ሠርታችሁ አምጡት።

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር

የተቋሙ ሲስተም ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው። አናጺው ብድሩን የወሰደው በኦክቶበር 15፣ 2025 ነው እንበል፤ በእኛ ጥቅምት 5 ቀን 2018። ሲስተሙ በየወሩ 15ኛው ቀን ላይ ክፍያ ይይዛል። ዲዛይነሩ ይህን አይቶ «በየወሩ በ5 ይክፈሉ» ብሎ ከጻፈ ደንበኛውን ስህተት ላይ ጣለው። የፈረንጁ 15 በእኛ ሲቀየር ቀኑ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ኅዳር 6 ነው፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 6፣ ሦስተኛው ጥር 7፣ አራተኛው የካቲት 8። ከዚያ መጋቢት 6፣ ሚያዝያ 7፣ ግንቦት 7፣ ሰኔ 8፣ ሐምሌ 8፣ ነሐሴ 9። ጳጉሜን ካለፈች በኋላ መስከረም 5 ይሆናል፣ መጨረሻው ጥቅምት 5 ቀን 2019።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን አንድ በአንድ ቀይሩ። የፈረንጁን ቀን ከሥሩ በትንሹ ጻፉት፣ ኦፊሰሩ ስክሪኑ ላይ የሚያየው እሱን ነውና። በነሐሴና በመስከረም ክፍያ መካከል ቀጭን መስመር አስምራችሁ «ጳጉሜን» ብላችሁ ጻፉበት። አለበለዚያ በጳጉሜን ሌላ ክፍያ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

የሳምንቱንም ቀን አስቡ። በዚህ ምሳሌ የካቲት 8ም መጋቢት 6ም እሑድ ላይ ይውላሉ። ቢሮ ዝግ ነው። ውሉ ሰኞ መክፈልን ይፈቅዳል ወይስ ቅዳሜ መከፈል አለበት? ጠይቃችሁ በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ምልክት አድርጉ።

ጅማ ላይ ደግሞ ወቅቱን ማሳየት ትልቅ ጥቅም አለው። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ገበያው ላይ ብር የሚታየው ያኔ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ የቤት ዕቃ ይፈለጋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ዝናቡ ከባድ ነው፣ እንጨቱም በደንብ አይደርቅም፣ ገዢም ይቀዘቅዛል። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ክፍያ ያሉት መስመሮች ልክ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ከእነዚህ ሦስት ባሮች በስተግራ ቀጭን ጥላ አድርጋችሁ «ክረምት» ብላችሁ ጻፉ። አናጺው ይህን በጥቅምት ካየው ለሦስቱ ወራት 16,502.40 ብር ከወዲሁ ማሰብ እንዳለበት ይገባዋል። ከወለድ ስሌቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ግን ደንበኛው በጣም የሚወደው ክፍል ይሄ ነው።

የሚጻፈው ቃል

ርዕሱ «የብድር አከፋፈል ሰንጠረዥ» አይሁን። ያ ምንም አይነግርም። ርዕሱ ራሱ መልሱን ይያዝ፦ «60,000 ብር ተበድረው በ12 ወር 66,009.59 ብር ይመልሳሉ»። ከሥሩ «በየወሩ 5,500.80 ብር»። ደንበኛውን «እርስዎ» በሉት፤ ከሃያ ዓመት ወጣት እስከ ሰባ ዓመት ሽማግሌ የሚያነበው ወረቀት ነው።

ከዚያ ጎልቶ የሚታየው የመጀመሪያ ክፍያ ይመጣል። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። «በመጀመሪያው ወር 60,000 ብር ዕዳ አለብዎት። የወሩ ወለድ 900 ብር ነው። ከከፈሉት ላይ የቀረው 4,600.80 ብር ዕዳዎን ይቀንሳል።» ቀጥሎ አንድ መስመር፦ «ዕዳው ሲቀንስ በሚቀጥለው ወር ወለዱም ይቀንሳል።» ይህን ያነበበ ሰው የታቹን ደረጃ ራሱ ያነበዋል።

ውሉ ላይ ያለውን ቃል አትቀይሩ። ውሉ «ዋና ብድር» የሚል ከሆነ እናንተ «ካፒታል» አትበሉ። ቀለል ያለ ቃል ከፈለጋችሁ አጠገቡ አድርጉት፦ «ከዕዳዎ የሚወርድ (ዋና ብድር)»። ደንበኛው ነገ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያነባልና።

በግርጌው ሁለት ነገር ብቻ ይግባ። አንዱ «ቢዘገዩስ?» ነው። የቅጣቱን መጠንና ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጀምር በቀጥታ ከውሉ ውሰዱ። ሌላው «ቀድመው ቢዘጉስ?» ነው። አናጺያችን ስድስተኛውን ክፍያ ከፍሎ በዚያው ቀን ሙሉውን ቢዘጋ የሚከፍለው 31,339.08 ብር ነው። የቀሩት የስድስት ወራት ወለድ፣ ማለትም 1,665.71 ብር፣ አይከፈልም። ግን አንዳንድ ውል ቀድሞ ለሚዘጋ ሰው ክፍያ አለው። ውሉን ሳታዩ ይህን ቁጥር እንደ ጥቅም አትጻፉት።

ጅማ ላይ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞም መውጣት አለበት። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ አታጭቁ፤ ፊደሉ እያነሰ ሁለቱም አይነበቡም። ሁለት የተለያየ ገጽ ሥሩ። በቁቤ ሲጻፍ ጽሑፉ ከአማርኛው ይረዝማል፣ ስለዚህ የጽሑፍ ሣጥኖቹን መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞው ለኩ። እሱ ከገባ አማርኛው ይገባል።

ፊደልና ቀለም

ለአማርኛው Noto Sans Ethiopic ጥሩ ነው፣ በነፃ ይገኛል። ከ12 ነጥብ በታች አትውረዱ። ፊደላችን ጥቃቅን ምልክት የበዛበት ነው፣ ሲያንስ ቅጥያዎቹ አይለዩም። በጣም ደማቁን ዓይነት ለርዕስ ብቻ ተጠቀሙበት፣ በትንሽ መጠን ውስጡ ይደፈናል።

ቀለምን በተመለከተ አንድ እውነታ አለ። የምትሠሩት በቀለም ነው፣ ለደንበኛው የሚደርሰው ግን ፎቶኮፒ ነው። አረንጓዴና ብርቱካናማ መርጣችሁ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ፎቶኮፒው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ሥዕሉ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ከዕዳው የሚወርደውን ጠቆር ያለ ሙሉ ቀለም፣ ወለዱን ነጭ ላይ ሰያፍ መስመሮች አድርጉት። ጨርሳችሁ ስታትሙ ፎቶኮፒ አስነሱት፣ ከዚያ የፎቶኮፒውን ፎቶኮፒ አስነሱ። በሁለተኛው ላይ ሁለቱ ክፍሎች ከተለዩ አልፏል።

የግዴታ ቁጠባ ካለ በባሩ ውስጥ አታስገቡት፣ እኩልነቱን ያበላሸዋል። ቁጠባው የደንበኛው የራሱ ገንዘብ ነው። ከባሩ ቀጥሎ ክፍተት ትታችሁ ባዶ ሣጥን አድርጉና «ቁጠባዎ» በሉት። የባሩን ልኬት ትንሽ ማሳጠር ይኖርባችኋል። ለምሳሌ አንድ ሴንቲሜትር 600 ብር ቢሆን ባሩ ወደ 9.2 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ቦታ ታገኛላችሁ። የዚያን ጊዜ ከላይ የሚጻፈው ወርሃዊ ብር ሁለቱ ተደምረው ነው፤ ከሥሩ ስንቱ ብድር፣ ስንቱ ቁጠባ እንደሆነ ይለይ።

ለሰው አሳዩት

«ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ የያዘው ሰው «አዎ፣ ግልጽ ነው» ይላል። ቁጥር የሚያስፈልገው ጥያቄ ጠይቁ። ሦስት ይበቃሉ። ስድስተኛውን ከከፈሉ በኋላ ስንት ዕዳ ይቀራል? በመጀመሪያው ወር ከከፈሉት ላይ ስንቱ ወለድ ነው? የሰኔው ክፍያ ቀን መቼ ነው? ሰዉ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ እዩ። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ጣቱ ይነግራችኋል።

ሂርማታ ገበያ ላይ ቅመም የሚሸጡ እናት ረቂቁን ሳሳያቸው የሆነው ይህ ነው። «እማማ፣ ስድስተኛውን ሲከፍሉ ስንት ዕዳ ይቀርብዎታል?» አልኳቸው። ጣታቸውን በባሩ ላይ እያስኬዱ መጨረሻው ጋ ደርሰው «አምስት መቶ አርባ አራት» አሉ። ከዚያ ደስ ብሏቸው «ያን ያህል ቀላል ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ያነበቡት የወሩን ወለድ ነው። ባሩ ሲያልቅ ያለው ቁጥር «የቀረው» መስሏቸዋል፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚያነበው።

ማስተካከያው ሦስት ነገር ነበር። ወለዱ ላይ «ወለድ 544» ተብሎ ቃሉ በየመስመሩ ተጻፈ። ቀሪ ዕዳው በቁም መስመር ተለይቶ የራሱ ዓምድ ሆነ፣ ከላዩም «ከዚህ ክፍያ በኋላ የሚቀር ዕዳ» ተባለ። የ3ኛው፣ የ6ኛውና የ9ኛው ቀሪ ደግሞ ጎላ ብሎ ተጻፈ፦ 45,990፣ 31,339፣ 16,019። ሌሎቹ ዘጠኙ በቀላል ፊደል ቀሩ። ዓይን የሚያርፍበት ካገኘ አይጠፋበትም።

አምስት ስድስት ሰው ካያችሁ ይበቃል፣ ግን ሁሉም የቢሮ ሠራተኛ አይሁኑ። ኦፊሰሮቹ ሰንጠረዡን ስለሚያውቁት ስህተቱ አይታያቸውም። ማንበብ የማይችል ደንበኛም ይኑርበት። እሱ ባሮቹን ብቻ አይቶ «ይሄኛው እየቀነሰ ነው» ካለ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል።

ከወለድ ነፃ ለሚወስዱ

ጅማ ላይ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚፈልገው ብዙ ነው። ለእነሱ ይህንኑ ገጽ ወስዳችሁ «ወለድ» የሚለውን «ትርፍ» በሚል ብቻ አትተኩት። በሙራባሃ ውል ተቋሙ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው ይሸጣል። የመሸጫው ዋጋ ውሉ ሲፈረም ተወስኗል፣ በቀሪ ዕዳ ላይ በየወሩ የሚሰላ ነገር የለም። ስለዚህ እየጠበበ የሚሄድ ደረጃ ብትሥሉ ውሉን በስህተት ነው የምታስረዱት። እዚያ ከላይ አንድ ባር በቂ ነው፤ የዕቃው መግዣና የተቋሙ ትርፍ ተለይተው። ከሥሩ ጠቅላላው ዋጋ በየወሩ በእኩል ሲቀንስ የሚያሳይ መስመር ይምጣ።

ለስልክ

ኤ4 ገጹን ፎቶ አድርጋችሁ በቴሌግራም አትላኩት፣ ማንም አያጎላውም። ገጹን በሦስት ምስል ክፈሉት፣ እያንዳንዱ 1080 በ1350 ፒክስል። አንደኛው ርዕሱና የመጀመሪያው ክፍያ፣ ሁለተኛው አሥራ ሁለቱ ባሮች፣ ሦስተኛው ግርጌው። ጽሑፉ ከ36 ፒክስል አይነስ። በሁለተኛው ላይ የፈረንጁን ቀን አውጡት፣ ቦታ ይበላል። ጥራቱ እንዳይቀንስ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት። በሦስቱም ምስሎች ጥግ ላይ የብድሩን መጠን፣ የወለዱን መቶኛና የተዘጋጀበትን ወርና ዓመት ጻፉ። ምስል ከሰው ሰው ይተላለፋል፤ የ60,000ው ብድር ሥዕል 100,000 የተበደረ ሰው እጅ ሲገባ የእሱ አለመሆኑን እዚያው ማየት አለበት።